ከ«አንቺ» ወደ «እርስዎ»፣ ከ«እልካለሁ» ወደ «ልኬያለሁ»፦ የአንድ ጥድፊያ ኢሜይል ጥገና

ጠዋት 3:10

ትናንት ማታ እየተጣደፍኩ ስልኬ ላይ የጻፍኩት ኢሜይል ድራፍት ውስጥ ቁጭ ብሏል፣ ኔትወርክ ተቋርጦ ነው ያልተላከው፣ እንኳንም ተቋረጠ። አሁን ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ ሳነበው ሦስት ሰው ተራ በተራ የጻፈው ነው የሚመስለው። አንዱ ለማያውቃት ትልቅ ሴትዮ ይጽፋል፣ አንዱ ለጓደኛው፣ አንዱ ደግሞ ለሕዝብ ንግግር ያደርጋል። ሦስቱም እኔ ነኝ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ለአንድ ድርጅት የሥልጠና ማኑዋል ኤዲት እያደረግኩ ገጹንም እያቀናበርኩ ነው። የማገኛት ሴትዮ ወ/ሮ እገሊት ትባል፣ በስልክና በቴሌግራም «አንቺ» ነው የምላት፣ እራሷ ነች አንቱ አትበለኝ ያለችኝ። ግን ኢሜይሉ ላይ ሥራ አስኪያጇ ሲሲ አሉበት፣ የሒሳብ ክፍሉም አለበት። የጻፍኩት ይሄ ነው፣ ፊደል ሳልነካ፦

> ጤና ይስጥልኝ ወ/ሮ እገሊት፣
> እንደምን ሰነበቱ? የማኑዋሉን ነገር ባለፈው በስልክ እንደነገርሽኝ ምዕራፍ 3ን አስተካክዬ፣ ሠንጠረዦቹን አርሜ፣ ፒዲኤፍ አድርጌ እልካለሁ። ምዕራፍ 4ን ሰኞ ልኬ ነበር፣ አይተውታል? ሥራ አስኪያጁ ሽፋኑ ላይ አስተያየት አለው ብለውኛል፣ ካለው ዛሬ ላኪልኝ ምክንያቱም ማተሚያ ቤቱ ሐሙስ ይቀበላል። ሁልጊዜ የምታደርጉልንን ትብብር እያመሰገንኩ ክፍያውን በተመለከተ ደረሰኙን አያይዤ እልክላችኋለሁ፣ ከታች ታገኙታላችሁ። መልስሽን እጠብቃለሁ።
> ከአክብሮት ጋር

3:20

እሷን የሚመለከቱትን ቃላት ብቻ እያወጣሁ ቆጠርኩ። ሰነበቱ፣ አይተውታል፣ ብለውኛል፦ እነዚህ እርስዎ ናቸው። እንደነገርሽኝ፣ ላኪልኝ፣ መልስሽን፦ አንቺ። የምታደርጉልንን፣ እልክላችኋለሁ፣ ታገኙታላችሁ፦ እናንተ። ዘጠኝ ቃል፣ ለሦስቱ ሦስት ሦስት፣ አስቤ ባካፍለው እንኳ እንዲህ እኩል አይወጣልኝም ነበር።

ከየት እንደመጣም ገባኝ። የመጀመሪያውን መስመር ከድሮ ኢሜይል ነው የቀዳሁት፣ እርስዎ ያመጣው እሱ ነው። መሃሉ ላይ ቴሌግራሙን ከፍቼ እያየሁ ስለነበር እጄ እንደ ቻት ጻፈ። ምስጋናውና የክፍያው አረፍተ ነገር ደግሞ ለድርጅት የምጽፈው የተለመደ ቃል ነው፣ እዚያ ስደርስ እሷን ረስቼ ቢሮውን ነው ያናገርኩት። ቦታው እንጂ ስሜቴ አይደለም የተቀየረው ማለት ነው፣ አንቱታው የተደበላለቀው ከሦስት ቦታ ስለተለጣጠፈ ነው።

ምርጫ፦ እርስዎ። እሷ አንቺ በለኝ ያለችው ለሁለታችን ወሬ ነው፣ ይሄን ግን አለቃዋም ያነበዋል፣ ነገ ፎርዋርድ ተደርጎ ማን ጋ እንደሚደርስም አይታወቅም። አለቃዋ ፊት «ላኪልኝ» ብላት እኔ ቅርብ ሰው አልመስልም፣ እሷን ያቀለልኳት ነው የሚመስለው።

3:35

ሰነፍነቴን እዚህ ልጻፈው። ሁሉን በአንዴ ልጨርስ ብዬ Ctrl+H ከፈትኩና «ሽ» የሚለውን ሁሉ በ«ዎ» ቀይርልኝ አልኩት። ሦስት ቦታ ቀየረ። «መልስሽን» «መልስዎን» ሆነ፣ ጎበዝ። «እንደነገርሽኝ» ደግሞ «እንደነገርዎኝ» ሆነ፣ ይሄ የማንም ቋንቋ አይደለም። ሦስተኛው «ሽፋኑ» ነው፣ «ዎፋኑ» አደረገው። ዎፋኑ ላይ አስተያየት ያለው ሥራ አስኪያጅ።

ይሄ ስህተት ግን አንድ ነገር አሳየኝ። ስም ላይ ከሆነ ጭራውን መቀየር ይበቃል፣ መልስሽ መልስዎ፣ ሥራሽ ሥራዎ። እንደ «ነገርሽኝ» ያለ ግስ ላይ ሲሆን ግን «ሽ» ባለቤቷን ነው የሚያሳየው፣ እርስዎ ሲሆን ደግሞ ግሱ በሙሉ ወደ ብዙ ቁጥር መልክ ይሄዳል፦ ነገርሽኝ፣ ነገሩኝ። «ላኪልኝ» ጭራሽ «ሽ» ስለሌለው ሰርቹ አላየውም፣ እንደነበረ ቀርቷል። ወንድ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ይብሳል፣ «ህ» ብዬ ብፈልግ «እንደነገርከኝ» ላይ «ከ» ነው ያለው፣ «ብትልክልኝ» እና «ስታየው» ላይ ደግሞ ምልክቱ ፊት ያለው «ት» ነው፣ እሱን ሰርች አድርጎ የሚጨርስ የለም።

Ctrl+Z። በእጅ፣ አንድ በአንድ።

3:50

መጀመሪያ አንቱታውን ጨረስኩ። ነገርሽኝን ነገሩኝ፣ ላኪልኝን ቢልኩልኝ፣ መልስሽን መልስዎን። ላኪልኝን መጀመሪያ «ላኩልኝ» አድርጌው ነበር፣ ከፍ ያለ ይመስላል ግን እሱ የእናንተ ትእዛዝ ነው፣ የእርስዎው «ይላኩልኝ» ነው። ያም ቢሆን ትእዛዝነቱ አልለቀቀም፣ ስለዚህ «ቢልኩልኝ»።

ሥራ አስኪያጁንም «አለው» ብያቸዋለሁ፣ ሰውየው ሲሲ ላይ ሆነው እያነበቡ። አንቱታ ስታርም የምታናግረውን ሰው ብቻ ታይና የምታወራለትን ሰው ትረሳለህ። አለው የነበረው አላቸው፣ ካለው ካላቸው ሆነ።

ምስጋናውን ሙሉ በሙሉ ሰረዝኩት። «እያመሰገንኩ እልክላችኋለሁ» ማለት ሳስበው እያመሰገንኩ በሌላ እጄ ደረሰኝ የምልክ ያስመስላል፣ ደግሞም ከዚያ አረፍተ ነገር በፊት «ነገሩኝ»፣ «ቢልኩልኝ» ያለው እኔ ነኝ፣ «ታደርጉልን» ላይ ስደርስ በድንገት «እኛ» ሆኛለሁ። ብቻዬን ነው የምሠራው።

4:05

በቃ ጨረስኩ ብዬ ላክ የሚለውን ልጫን ስል አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጎኔ ነበርና እስቲ እየው አልኩት። አነበበ አነበበና እዚህች ጋ ጣቱን አስቀመጠ፦

> ሥራ አስኪያጁ ሽፋኑ ላይ አስተያየት አላቸው ብለውኛል፣ ካላቸው ዛሬ ቢልኩልኝ

«ኧረ ወንድሜ፣ ማን ነው ያለህ? ሥራ አስኪያጁ ናቸው ወይስ ሴትዮዋ?»

«ሴትዮዋ ናት እንጂ።»

«እና የሚልከውስ ማን ነው?»

ዝም አልኩ። ትክክል ነው። ድራፍቱ ላይ «አለው» ስል እሱ፣ «ላኪልኝ» ስል እሷ መሆኗ ይለይ ነበር፣ መደበላለቁ ራሱ እየለየልኝ ነበር ማለት ነው። ሁሉንም ሳከብር መልካቸው አንድ ሆነ። «ብለውኛል» እርስዎም፣ እሳቸውም፣ እነሱም ሊሆን ይችላል። «ቢልኩልኝ» እንደዚያው። አንድ ኢሜይል ውስጥ ሁለት የሚከበር ሰው ካለ ግሱ ብቻውን ማን እንደሆነ አይናገርም።

ሁለት ዓይነት ጥገና ሞከርኩ። «ብለውኛል» ላይ «እርስዎ»ን በግልጽ አስገባሁ፣ «አላቸው ብለውኛል» የሚለውንም «እንዳላቸው እርስዎ ነግረውኛል» አደረግኩት፣ ምክንያቱም «አላቸው ብለውኛል» ሲባል ሰውየው ራሳቸው የተናገሩት ይመስላል። «ቢልኩልኝ» ላይ ግን እንደገና «እርስዎ» ስጨምር አረፍተ ነገሩ እርስዎ እርስዎ እያለ ጆሮ ሰለቸ፣ ደግሞ በእውነት ማን እንደሚልክ ለእኔ ግድ የለኝም፣ ይድረሰኝ እንጂ። ስለዚህ ሰዉን ከባለቤትነት አወረድኩትና አስተያየቱን ባለቤት አደረግኩት፦ «አስተያየታቸው ዛሬ ቢደርሰኝ»። ማን ላከ የሚለው ጥያቄ ጠፋ። ይሄኛው ዘዴ ተመችቶኛል።

«በነገሩኝ» የምትለዋን የመጀመሪያዋን መስመር ደግሞ ተውኳት፣ ከሷ በፊት የተጠራው ሰው ወ/ሮ እገሊት ብቻ ስለሆነች የሚምታታ የለም። እርስዎን ማስገባት የሚያስፈልገው ሁለተኛ ሰው ከገባ በኋላ ነው።

4:25

ባልደረባዬ ሲሄድ ደግሞ እንዲህ አለኝ፦ «ምዕራፍ 3ን ግን ገና አልጀመርከውም እንዴ?»

ጨርሼዋለሁ እኮ! ትናንት ነው ያለቀው። እንደገና አነበብኩት፦ «ምዕራፍ 3ን አስተካክዬ፣ ሠንጠረዦቹን አርሜ፣ ፒዲኤፍ አድርጌ እልካለሁ።» ለካ ልክ ነው። አስተካክዬ፣ አርሜ፣ አድርጌ የሚሉት የራሳቸው ጊዜ የላቸውም፣ ጊዜ የሚሰጣቸው መጨረሻ ላይ የሚመጣው ግስ ነው። መጨረሻው «እልካለሁ» ከሆነ ሰንሰለቱ በሙሉ ወደፊት ይሄዳል፣ ምንም አልሠራሁም ማለት ነው። መጨረሻው «ልኬያለሁ» ቢሆን ደግሞ ሁሉም አልቋል ማለት ይሆናል፣ ያም ውሸት ነው። ስንነጋገር ድምፃችን ወይም «ትናንት» የምትል ቃል ታድነናለች፣ ጽሑፍ ላይ ግን አንባቢው ያለው ያቺ የመጨረሻዋ ግስ ብቻ ናት።

ስለዚህ ግስ መነካካቱን አቆምኩና ወረቀት ላይ እውነቱን ጻፍኩ። የምዕራፍ 3 ጽሑፍ፦ አልቋል። ሠንጠረዦች፦ ዛሬ ጠዋት አለቁ። ፒዲኤፍ፦ አልተሠራም፣ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ምዕራፍ 4፦ ሰኞ ሄዷል። ደረሰኝ፦ አብሮ የሚሄድ። ማተሚያ ቤት፦ የዚህ ሳምንት ሐሙስ የመጨረሻው ቀን ነው።

ይሄን ከማንኛውም ነገር በፊት ነበር ማድረግ የነበረብኝ። አሁን አረፍተ ነገሮቹ ሲሰባበሩ አንቱታውን እንደገና ላየው ነው፣ ድርብ ሥራ።

4:40

ሰንሰለቱን ያለቀውና ያላለቀው በሚገናኙበት ቦታ በጠስኩት። መጀመሪያ የጻፍኩት «ምዕራፍ 3ን አስተካከልኩ፣ ሠንጠረዦቹን አረምኩ» የሚል ነበር፣ ስህተት የለውም ግን የቀን ውሎ ማስታወሻ ይመስላል፣ አንድ ቀን ተደረገ አለፈ የሚል። እኔ ልል የፈለግኩት ሥራው አልቆ እጄ ላይ አለ ነው፣ ለሱ «አስተካክያለሁ»፣ «አርሜ ጨርሻለሁ» ይሻላል። «አርሜ» አሁንም ሰንሰለት ነው ግን የተሰቀለችበት «ጨርሻለሁ» ያለቀ ስለሆነ ችግር የለውም። ከዚያ ነጥብ፣ አራት ነጥብ፣ ከዚያ ብቻውን፦ «ፒዲኤፉን ዛሬ እስከ 10 ሰዓት እልክልዎታለሁ።»

«ሰኞ ልኬ ነበር» ላይ ቆየሁ። ስናወራ እንላለን፣ «ልኬልሽ ነበር እኮ፣ አላየሽውም?» ግን «ነበር» ስትገባ ከኋላዋ አንድ «ግን» የተንጠለጠለ ይመስላል። ልኬ ነበር ግን ተመለሰ፣ ልኬ ነበር ግን ዝም አላችሁኝ። ምንም «ግን» የለኝም፣ ፋይሉ እሷ ጋ ነው። ደግሞ አለቃዋ ሲያነቡት እሷ ላይ የቀረበ ስሞታ ነው የሚመስለው፣ ከኋላው «አይተውታል?» ሲከተልማ ምርመራ ሆነ። «ሰኞ ልኬልዎታለሁ፤ አይተውት ከሆነ ቢያሳውቁኝ» አደረግኩት።

«ሐሙስ ይቀበላል»ም እንዲሁ ቀላል መስሎኝ ነበር። «ይቀበላል» ሁልጊዜ የሚሆነውንም ወደፊት የሚሆነውንም እኩል ነው የሚያገለግለው። ሐሙስ ሐሙስ የሚቀበል ማተሚያ ቤት ነው ብላ ብታነበው ማን ይፈርድባታል፣ ይሄ ሳምንት ቢያልፍ ለቀጣዩ ይደርሳል ትላለች። ግሱን ብለውጠው አይረዳም፣ ለወደፊት ብቻ የሚሆን የተለየ መልክ የለውም፣ ሥራውን የሚሠራው የጊዜ ቃሉ ነው፦ «የሚቀበለው እስከ ፊታችን ሐሙስ ብቻ ስለሆነ»።

5:00

የደረሰኙ ጉድ። «አያይዤ እልክላችኋለሁ፣ ከታች ታገኙታላችሁ።» አንዱ ገና እልካለሁ ይላል፣ አንዱ ከታች አለ ይላል። ወደ «አያይዣለሁ» ልቀይረው ብዬ ጻፍኩና ከታች አየሁ፣ ምንም የተያያዘ ነገር የለም። ማታ ስጽፍ ደረሰኙ ስልኬ ላይ አልነበረም፣ ለዚህ ነው ግሱ ያመነታው። «አያይዣለሁ» የምትለዋን ቃል አጠፋኋት፣ ፋይሉን ጎትቼ አስገባሁ፣ ስሙ ብቅ ሲል መልሼ ጻፍኳት።

መዝጊያው «ከአክብሮት ጋር» ነበር፣ «ከሰላምታ ጋር» አደረግኩት። አክብሮቱ ግሶቹ ውስጥ ካለ መጨረሻ ላይ በስሙ መጥራት አያስፈልገውም። «በትህትና እጠይቃለሁ» የምትል ነገርም ጨምሬ ነበር ከ«ቢደርሰኝ» ፊት፣ አወጣኋት፣ በዛ።

5:15

ድምፄን አውጥቼ አነበብኩት፣ አንዴ አንቱታውን ብቻ እየሰማሁ፣ አንዴ የግሶቹን ጊዜ ብቻ። ሁለቱን አንድ ላይ ለመስማት ስሞክር አንዱ ያመልጠኛል። በሁለተኛው ንባብ ከወረቀቱ ጋር እያስተያየሁ ነው ያነበብኩት፣ አልቋል ያልኩት ላይ እንደ «ጨርሻለሁ» ያለ፣ ያላለቀው ላይ እንደ «እልክልዎታለሁ» ያለ ግስ መኖሩን።

> ጤና ይስጥልኝ ወ/ሮ እገሊት፣ እንደምን ሰነበቱ?
> ባለፈው በስልክ በነገሩኝ መሠረት የማኑዋሉን ምዕራፍ 3 አስተካክያለሁ፣ ሠንጠረዦቹንም አርሜ ጨርሻለሁ። ፒዲኤፉን ዛሬ እስከ 10 ሰዓት እልክልዎታለሁ። ምዕራፍ 4ን ሰኞ ልኬልዎታለሁ፤ አይተውት ከሆነ ቢያሳውቁኝ ደስ ይለኛል።
> ሥራ አስኪያጁ ሽፋኑ ላይ አስተያየት እንዳላቸው እርስዎ ነግረውኛል። ማተሚያ ቤቱ ፋይሉን የሚቀበለው እስከ ፊታችን ሐሙስ ብቻ ስለሆነ አስተያየታቸው ዛሬ ቢደርሰኝ ጥሩ ነው።
> የክፍያውን ደረሰኝ ከዚህ ኢሜይል ጋር አያይዣለሁ።
> መልስዎን እጠብቃለሁ።
> ከሰላምታ ጋር

ተላከ። የተጻፈው በሰባት ስምንት ደቂቃ ነው፣ የታረመው በሁለት ሰዓት፣ በመሃል ሻይ ብጠጣም።

6:40

መልስ መጣ፣ ሁለት ቦታ። ቴሌግራም ላይ፦ «አንተ ልጅ፣ አንቱ ምን አመጣው ዛሬ? ተጣላን እንዴ?» ሲሲ ላይ አለቃሽ አሉ አልኳት፣ ሳቀች።

ኢሜይሉ ላይ ደግሞ እሷም እርስዎ ብላኛለች፣ ለሲሲው ስትል መሰለኝ፦ «ምዕራፍ 4ን ተመልክተነዋል። የሽፋኑን አስተያየት ነገ ጠዋት ይልኩልዎታል።»

ይልኩልዎታል። ማን? ሥራ አስኪያጁ በራሳቸው ናቸው ወይስ ዲዛይን የሚሠሩት ልጆች? ከእሳቸው ኢሜይል ልጠብቅ ወይስ ከነሱ? አሥር ደቂቃ አፍጥጬ አየሁትና ደወልኩላት።